«መለየት» እና «ጥሎ መሄድ»

የአንድ ሰው ዕድሜ በመጨረሻ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት አንስቼ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክሬበታለሁ። ያን ጊዜ ሚዛናችን ትልልቅ ሰዎችን ብቻ ነበር የሚመዝነው፤ ያሸነፈውን፣ የገዛውን፣ የጻፈውን። ዛሬ በእርጅናዬ ጥያቄው ተመልሶ ሲመጣብኝ የማስባት ግን አንዲት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሹም ናት። ስሟ ኡሙሰልማ ባሽር ነው። ትታው ያለፈችው ነገር ሐውልት አይደለም፤ ዕቃም አይደለም። አንዱ አንቀጽ ከሌላው አንቀጽ ጋር እንዳይጣላ አድርጋ ያስታረቀችው የዲሲፕሊን ደንብ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚታየው ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው። ሲኖር፣ አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማን እንዳተረፈው አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በነበረ የዘይትና የሳሙና ፋብሪካ ነው። እኔ የፕላን ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኡሙሰልማ ደሴ ቧንቧ ውሃ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ሸቀጥ ነጋዴ የነበሩ፣ አያቷ ከየመን የመጡ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሠራተኞች አውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳለች፤ ደሴ ላይ በጉም ውስጥ የለበሰችውን ወፍራም ሹራብ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትደርስ አውልቃ ወንበሯ ላይ ትሰቅለዋለች። ቀጭን ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ቢሮዋ የገባ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አብሽር»፣ አይዞህ፣ የሚል ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ሰይድ የሚባል የቦይለር ሠራተኛ ከሥራው ቦታ ተለየ። ሰይድ የሐርቡ ሰው ነው። ከሐርቡ የመጣ መልእክተኛ የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ «አጎትህ ሞቷል፤ ቅሬው እየቆፈረ ነው» አለው። ቅሬ በኛ አገር የመንደሩ የቀብር ማኅበር ነው። የእስላም ጀናዛ ደግሞ አያድርም፤ ያን ቀን ያልደረሰ ዘመድ የሚደርሰው አፈር ላይ ነው። ሰይድ ፎርማኑን ፈለገ፤ ፎርማኑ የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስብሰባው ደግሞ በሩ ተዘግቶ ነው የሚካሄደው። ስለዚህ ሰይድ ሳሙና ማብሰያው ጋ የሚሠራውን የሱፍን ጠራው።

«የሱፍ፣ እቺን መስተዋት እያት። ውሃው ከቀዩ ምልክት በታች ከወረደ እሳቱን አጥፋው። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

«ወላሂ አልነካም። ሂድ፣ ጀናዛው አይጠብቅህም።»

ሰይድ ሄደ። ከቀትር በኋላ ውሃው ከቀዩ ምልክት በታች ወረደ። የሱፍ እንደታዘዘው እሳቱን አጠፋ። እንፋሎቱ ቆመ፤ በትልቁ ማብሰያ ውስጥ የነበረው ሳሙና ሁሉ ረግቶ ድንጋይ ሆነ። በመዶሻ እየፈለጡ አወጡት።

በማግስቱ ሰይድ ታገደ። በሚቀጥለው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔ የኮሚቴው አባል አልነበርኩም፤ የተጠራሁት የተበላሸው ምርት በዕቅዱ ላይ ምን እንዳደረሰ እንዳስረዳ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሞላልኝ ነበር። ሞላልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ከዘይት መጭመቂያው ተነስቶ ሊቀመንበር የሆነ፣ ሠራተኛውን የሚወድ፣ ነገር ግን የሰማውን መፈክር ሁሉ እንደ ማሽን መመሪያ ቃል በቃል የሚወስድ ሰው ነበር።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ነገሩ ግልጽ ነው። በደንቡ ዓባሪ መመሪያ መሠረት ምርትን የሚያስተጓጉል ማንኛውም ድርጊት አሻጥር ነው። ሳሙናው ረግቷል። ምርቱ ተስተጓጉሏል። ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ይቀርባል።»

ያን ዘመን ያላየ አንባቢ የዚህን ቃል ክብደት ላይረዳው ይችላል። «አሻጥር» ከሥራ የሚያባርር ቃል አልነበረም፤ ከቤት የሚያስወጣ ቃል ነበር። «የሚመለከተው አካል» ዘንድ የቀረበ ሰው ሲመለስ ያየነው ጥቂት ነው። ሰይድ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሞ ነበር። እጆቹን አያንቀሳቅስም።

ኡሙሰልማ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች። እጇን አነሳች።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ደንቡን አነበብኩት። በአንቀጽ ስድስት ‹ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ መለየት› ተራ ጥፋት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላል። በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ‹የሥራ ቦታን ጥሎ መሄድ› ከባድ ጥፋት ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ስንብት ይላል። ዓባሪው ደግሞ አሻጥር ይለዋል። ሰይድ ያደረገው አንድ ነገር ነው። ደንቡ ሦስት ስም ሰጠው።»

«ከባዱን እንወስዳለን!» አለ ሞላልኝ።

«ከባዱን እንውሰድ የሚል አንቀጽ የለም። ቀላሉን እንውሰድ የሚልም የለም። እስከ ሰኞ ይሰጠኝ።»

ሞላልኝ ተቆጣ። «እህቴ፣ ሰኞ ሌላ ሳሙና ይረጋልሻል!» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ግን ሰኞን ሰጣት።

ከስብሰባው ስንወጣ ሰይድ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ያገሩ አነጋገር ሹምን የሚያከብርበት ነውና በዕድሜ እኩያው የሆነችውን ሴት «አንቱ» ነበር የሚላት።

«እትዬ ኡሙ፣ አንቱ ያነበቡት ወረቀት ምን ይላል? እኔ ጥዬ አልሄድሁም። ጥሎ የሚሄድ ሰው አደራ ይሰጣል እንዴ?»

«ይህን ያልከውን ሰኞ አትርሳው» አለችው። «አሁን ወደ ቤትህ ሂድ። ሚስትህን ሳፊያን አታስጨንቃት። አብሽር።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ጸጥ ባለ ጊዜ ምግብ ቤቱ ውስጥ አገኘኋት። የደንቡን የካርቦን ቅጂ በመቀስ ቆራርጣዋለች። እያንዳንዱ ጥፋት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ረጅሙን የምግብ ጠረጴዛ ሞልታዋለች፤ የኮምቦልቻ ነፋስ እንዳይወስደው በየክምሩ ላይ ጠጠር አስቀምጣለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ማን ከማን ጋር እንደተጣላ እያየሁ ነው። ይቀመጡ፣ ጠጠር ያቀብሉኝ።»

ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ደንቡን የጻፈው አንድ እጅ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል ፋብሪካው ከመወረሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች በእንግሊዝኛ የጻፉትና በኋላ የተተረጎመ ነው፤ ከባድ ጥፋት «ሆን ተብሎ የሚፈጸም» ነው ብሎ የሚተረጉመው እሱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከማኅበሩ ጋር ከተደረገው የኅብረት ስምምነት የተቀዳ ነው። ሦስተኛው፣ ዓባሪው፣ በምርት ዘመቻ ወቅት በስብሰባ ላይ ተጨበጨበለትና ተለጠፈ። ሦስቱም ሲጻፉ ያለፈውን ያነበበ ሰው አልነበረም። የጥፋቱ ትርጉም «ሆን ብሎ» ይላል፤ ዝርዝሩ ግን «ሆን ብሎ»ን ረስቶታል። እገዳ በአንድ ቦታ ምርመራ እስኪያልቅ የሚወሰድ እርምጃ ነው፤ በሌላ ቦታ ራሱ ቅጣት ነው። ማስጠንቀቂያ በአንዱ ገጽ ከዓመት በኋላ ይሻራል፤ በሌላው ገጽ ለዘላለም ይቆጠራል።

«አባቴ ሱቅ ውስጥ» አለች፣ «አንድ ጊዜ ሁለት የኪሎ ድንጋይ ተገኘ። አንዱ አሮጌ ነው፣ ተበልቷል። አባቴ የትኛው ልክ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁለቱንም ከሱቁ አወጣቸው፤ አዲስ አስመጣ። ‹ባለሱቅ ሁለት ድንጋይ ካለው እጁ የሚሄደው ወደሚጠቅመው ነው፤ ቢታመንም ባይታመንም› አለኝ። እዚህም እንደዚያው ነው። ሞላልኝ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለት ድንጋይ ሰጥተነው ነው።»

ይህን እያለች ሳለ ሞላልኝ ራሱ ገባ። ቅዳሜ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበረበት፤ እጁ በዘይት ጠቁሯል። ጠረጴዛውን አይቶ ተገረመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ደንቡን ቀደድሽው?»

«አልቀደድኩትም፣ ዘረዘርኩት። ይምጡ ያግዙን። እቺን ያንብቡልኝ።» አንድ ቁራጭ ከዓባሪው አንስታ ሰጠችው።

ሞላልኝ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «በሥራ ሰዓት መዘግየት ምርትን ስለሚያስተጓጉል እንደ አሻጥር ይቆጠራል።» ቀና አለ። «ትክክል ነው።»

«ጓድ ሞላልኝ፣» አለች ዝቅ ባለ ድምጿ፣ «ሐሙስ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። አውቶቡሱ ዘገየ። እኔም ውስጡ ነበርኩ። እርስዎም ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ።»

እኔ ጠጠሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ቀልድ በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር አይነገርም። ሞላልኝ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ፤ ሳቁ የምግብ ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያንቀጠቀጠው መሰለኝ።

«ስለዚህ አሻጥረኞቹ በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣነው በያ!»

«ሹፌሩን ጨምሮ።»

«ሹፌሩማ ዋናው ነው!» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገና ሌላ ቁራጭ አነሳ። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን ከክምር ወደ ክምር ያዛውር ጀመር። መጨረሻ ላይ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ለዚህማ ያጨበጨብነው እኛ ነን» አለ።

ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ኡሙሰልማ ደንቡ ይቀየር አላለችም። ይህን ነጥብ በጥንቃቄ ይዛ ነበር።

«ሰይድን የምንዳኘው ጥፋቱን በፈጸመበት ቀን በነበረው ደንብ ነው» አለች። «ነገ አዲስ ብንጽፍ ለነገ ነው። ያለው ደንብ ግን ለአንድ ድርጊት ሦስት መልስ ሰጥቷል። ደንቡን የጻፈው አስተዳደሩና ማኅበሩ ነው፤ ሰይድ አይደለም። በእኛ አጻጻፍ የመጣ ጥርጥር በሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ደግሞም የራሱ የደንቡ ትርጉም ከባድ ጥፋት ሆን ተብሎ የሚፈጸም ነው ይላል። ሆን ብሎ አጥፍቷል የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

የሱፍን ጠሩት። የሱፍ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«ሰይድ ምን አለህ?» ጠየቀው ሞላልኝ።

«ውሃው ከቀዩ በታች ከወረደ እሳቱን አጥፋ አለኝ። ወረደ፣ አጠፋሁ።»

«ባታጠፋው ምን ይሆን ነበር?»

የሱፍ ደነገጠ። «ቦይለሩ ይፈነዳ ነበራ! እኔ እዚህ ቆሜ አልመልስልዎትም ነበር።»

ሞላልኝ ወደ ሰይድ ዞረ። «አንተስ? ያለ ፈቃድ ሄደሃል። ይሄን ትክዳለህ?»

«አልክድም። ፎርማኑ ስብሰባ ላይ ነበር። በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ። ፈራሁ። ጥዬ ግን አልሄድሁም፤ አደራ ሰጥቼ ነው የሄድሁት። አደራዬም ለውሃው ነው እንጂ ለሳሙናው አልነበረም፤ እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ።»

ይህ የመጨረሻው ቃሉ ብዙ ሰው ነካ። ማንም ሊፈርድበት ከሚችለው የበለጠ ትክክለኛ ፍርድ ራሱ በራሱ ላይ ፈርዷል። ኮሚቴው በአንቀጽ ስድስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወሰነ። እገዳው እንደ ምርመራ እርምጃ እንጂ እንደ ቅጣት እንዳይቆጠር በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ አለዚያ ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት ይሆን ነበርና። ሰይድ ማክሰኞ ቦይለሩ ጋ ተመለሰ። ሚስቱ ሳፊያ ከሐርቡ አንድ ዘምቢል ብርቱካን አምጥታ በር ላይ ላገኘችው ሠራተኛ ሁሉ አደለች፤ ለሞላልኝም ደረሰው።

ከዚያ ነው ትልቁ ሥራ የተጀመረው። ሥራ አስኪያጁ ደንቡ እንዲታረቅ አዘዘ፤ ኡሙሰልማ፣ ሞላልኝና እኔ ተመደብን። እኔ ቋንቋውን እንዳስተካክል ነበር። ብዙ ፍልስፍና አንብቤ ነበር፤ ትርጉም የሚባለው ነገር ሥጋና ደም ያለው መሆኑን ግን ያየሁት እዚያ ነው። የኡሙሰልማ አሠራር ቀላል ነበር፤ ግን ጥብቅ ነው። አንድ ቃል አንድ ቦታ ብቻ ይተረጎማል። ሌላ ቦታ ሲመጣ ወደዚያ ይመራል እንጂ በሌላ አነጋገር አይደገምም። አንድ ድርጊት በአንድ መደብ ብቻ ይገባል፤ ወይ ተራ ጥፋት ወይ ከባድ ጥፋት። ቅጣቱ ከመደቡ ይወጣል፤ ከድርጊቱ ስም አይወጣም። ተራ ጥፋት ተደጋግሞ ከባድ የሚሆንበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የተሻረ ማስጠንቀቂያ በዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሞላልኝ «አሻጥር» እንዲቀር አልፈለገም።

«ይቅር አላልኩም» አለችው። «ከባድ ጥፋት ውስጥ ይግባ፤ ግን ከትርጉሙ በታች ይግባ። ሆን ብሎ ካልሆነ አሻጥር አይደለም። ሳሙና ስለረጋ ብቻ አሻጥር ከሆነ ብርዱም አሻጥረኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ እሱም ሊከሰስ ነው።»

«መብራት ኃይልን ክሰሺማ» አለ ሞላልኝ እየሳቀ፤ ግን ጻፈው።

ከሁሉም የከበደን «ጥሎ መሄድ» ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አላለቀም። «ያለ ፈቃድ» ብቻ ብንል ከመለየት አይለይም። «ረጅም ሰዓት» ብንል ስንት ነው ረጅም? በመጨረሻ ኡሙሰልማ ተነስታ ቦይለር ክፍሉ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ሰይድ በጩኸቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ነገራት፤ «እትዬ፣ እኛ ሰው እዚህ ጥሎ ሄደ የምንለው፣ አደጋ እንዳለ እያወቀ ለሚችል ሰው ሳያስረክብ ከሄደ ነው። ሌላው ቀረ እንጂ ጣለ አይባልም።»

አንቀጹ በዚያው ቃል ተጻፈ። «ጥሎ መሄድ ማለት አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል እያወቁ፣ ሥራውን ለሚችል ሰው ሳያስረክቡ መለየት ነው።» «ከባድ ጥፋት» ማለት ሆን ተብሎ የተፈጸመ፣ ወይም አደጋውን እያወቁ በግድየለሽነት የተፈጸመ ሆነ፤ ጥሎ መሄድም ከዚያ ሥር ሳይጋጭ ገባ። መለየት ተራ ጥፋት ሆኖ ቀረ። ከኅብረት ስምምነቱ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ፤ የሚለይበት ቦታ ሁሉ ደንቡ ለስምምነቱ ተሸነፈ።

ደንቡ ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ሲነበብ ከኋላ አንዱ «ጓድ ሞላልኝ፣ ስለ ሐረጎ ጉምስ ምን ተጻፈ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ፤ ሞላልኝም አብሮ ሳቀ። ወሬው መቼ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሰው አልተቀጣም ማለቴ አይደለም። ተቀጥቷል፤ የተሰናበተም አለ። በደንቡ ግን አንድ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አልተቀጣም፤ ሳሙና ስለረጋ ብቻ «ለሚመለከተው አካል» የተላከም የለም። አንዲት ረሂማ የምትባል የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ልጇ ታሞባት ያለ ፈቃድ በሄደች ጊዜ፣ ፎርማኑ ገጹን ገልጦ «መለየት ነው፣ ጥሎ መሄድ አይደለም» ሲል ሰምቻለሁ። ረሂማ፣ ኡሙሰልማ የምትባል ሴት መኖሯን እንኳ የምታውቅ አይመስለኝም። የአንድ ሰው ዕድሜ የሚወጣው ነገር እንደዚህ ያለ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የማናውቀው ሰው ለሌላ የማናውቀው ሰው ያስተካከለው አንድ ዓረፍተ ነገር።

ረቂቁ ለማጽደቅ ወደ አዲስ አበባው የበላይ መሥሪያ ቤት ከመላኩ በፊት ኡሙሰልማ አንድ መስመር እንዲጨመርበት ጠይቃ ነበር። «በዚህ ደንብ ውስጥ ሁለት አንቀጾች ቢጋጩ ለሠራተኛው የሚቀለው ይጸናል» የሚል።

ሥራ አስኪያጁ ተገረመ። «አስታርቀሽዋል አይደል? ምን ይጋጫል ከእንግዲህ?»

«አስታርቄዋለሁ፤» አለች፣ «ግን የሰው እጅ ነው የጻፈው። የኔን ስህተት የሚያገኘው ሰው ገና አልተቀጠረም። ሰይድን ያወጣው ክርክር ነው እንጂ አንቀጽ አይደለም። ቀጣዩ ሰው የሚከራከርለት ላያገኝ ይችላል።»

ሥራ አስኪያጁ መስመሩን ከረቂቁ ጋር ላከላት። ከአዲስ አበባ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ጸድቆ ተመለሰ፤ የእሷ መስመር ብቻ በቀይ ተሰርዞ፣ ዳር ላይ «ደንብ መጋጨቱን አስቀድሞ አያምንም» ተብሎ ተጽፎበት። ከዚያ በኋላ ደንቡ በታደሰ ቁጥር፣ ሥራ አስኪያጅ በተለወጠ ቁጥር፣ መንግሥትም ከተለወጠ በኋላ፣ ጡረታ እስከ ወጣችበት ቀን ድረስ ያችኑ አንዲት መስመር ጠየቀች። የፈቀደላት አልነበረም።